ቤት ለመከራየት ለጠየቀ ሰው ከማሳየት በፊት የሚላክ ምላሽ፦ በጨዋ ደንብ ማጣራትና ሰነድ መጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም መኖሩ በቴሌግራም ከተለጠፈበት ደቂቃ ጀምሮ ለባለቤቱ የሚጎርፉት መልእክቶች አብዛኞቹ ከአራት ቃል አይበልጡም። «ቤቱ አለ?»፣ «መጨረሻው ስንት ነው?»፣ «ዛሬ ማየት ይቻላል?»። ከእነዚህ ቃላት ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ለራሱ ይሁን ለሌላ ሰው እንደሚፈልግ፣ ለመኖሪያ ይሁን ለሌላ ሥራ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። ብዙ ባለቤቶች ታዲያ ወይ ሁሉንም «ይምጡ» ብለው ቅዳሜያቸውን ደረጃ በመውጣትና በመውረድ ያሳልፋሉ፣ ወይ ደግሞ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ «መታወቂያህን ላክ፣ ደመወዝህ ስንት ነው?» ብለው ሰውን ያስበረግጋሉ። ሁለተኛው አካሄድ በተለይ ጥሩውን ተከራይ ያሸሻል፤ ምክንያቱም በቴሌግራም ከማይታወቅ ሰው የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቁት አጭበርባሪዎችም ጭምር እንደሆኑ ጠንቃቃ ሰው ያውቃል።

ይህ መመሪያ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያሳያል፤ ማለትም ለጠያቂው የሚላከውን የመጀመሪያ ምላሽ እንዴት እንደሚጽፉ፣ የትኛውን ጥያቄ በምን ዓይነት ቃል እንደሚያቀርቡ፣ የትኛውን ሰነድ ቤቱን ከማሳየትዎ በፊት፣ የትኛውን ደግሞ በኋላ እንደሚጠይቁ። ለምሳሌነት የተወሰደው ሰሚት አካባቢ የሚገኝ፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ወርሃዊ ኪራዩ 24,000 ብር ነው። ዋጋው ለማሳያ የተቀመጠ ነው፤ አሠራሩ ግን ለቪላም ሆነ በግቢ ውስጥ ላለ ሰርቪስ ቤት ያገለግላል።

በመጀመሪያ፦ ሕጉ ምን እንደሚፈቅድ ያረጋግጡ፣ የራስዎንም ሰነድ ያዘጋጁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አከራዮች ተከራይን የሚያጣሩት በአመዛኙ በቅድሚያ ክፍያ ነበር። የስድስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ መክፈል የቻለ ሰው «አስተማማኝ» ይባልና ሌላ ጥያቄ ሳይቀርብለት ቁልፉን ይረከባል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ግን ይህ መንገድ ተዘግቷል፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ እንዲከፈለው መጠየቅ አይችልም። በምሳሌአችን ከፍተኛው ቅድሚያ ክፍያ 48,000 ብር ነው ማለት ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በመርህ ደረጃ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፣ ከተፈረመ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ቀርቦ ይመዘገባል፣ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የኪራይ ጭማሪም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

ለዚህ ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ የሚመነጨው ነገር አንድ ነው። የሚገባው ሰው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ አብሮዎት ሊቆይ ይችላል፤ ወፍራም ቅድሚያ ተቀብሎ ዓይንን መጨፈን ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ቀድሞ ገንዘቡ ይሠራው የነበረውን የማጣራት ሥራ አሁን መሥራት ያለበት የሚልኩት ምላሽ ነው።

ሰው ከመጠየቅዎ በፊት የራስዎን ወረቀት ያሰባስቡ። ተከራዩ ሰነድ ሲጠየቅ «የእርስዎስ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ምላሹ ላይ ቀድመው ከጻፉለት ደግሞ ጥርጣሬው ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። የባለቤትነት ማረጋገጫ ካርታ ወይም ካርታው ገና ካልወጣ የኮንዶሚኒየሙ የሽያጭ ውል፣ መታወቂያዎ፣ ቤቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ የጸደቀና የማከራየት ሥልጣንን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና ያስፈልጋል። ውጭ አገር ላለ እህት ወይም ወንድም ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ውክልናው «ማከራየት» የሚለውን መያዝ አለመያዙን ሳያነቡ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ይታያል። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለማከራየት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛዎ መፈረም እንደሚችሉ ከወዲሁ ይነጋገሩ፤ ተከራዩን መርጠው ከጨረሱ በኋላ «ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ናት» ማለት ለማንም አይመችም።

የቤቱን እውነት ከጥያቄው ያስቀድሙ

ምላሹ በጥያቄ አይጀምርም። በሰላምታና በምስጋና ይጀምርና ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈውን የቤቱን ሁኔታ ይናገራል። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ከማጣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹና ፈጣኑ እሱ ነው። ቤቱ 4ኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና ሊፍት እንደሌለው የነገሩት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቱን ይዞ ሊገባ ያሰበ ሰው ራሱ አመስግኖ ይተወዋል። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንደሚመጣና በረንዳው ላይ 500 ሊትር ሮቶ እንዳለ፣ መብራቱ የካርድ ቆጣሪ እንደሆነ፣ ለማህበሩ በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ለመኪና የተለየ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይጻፉ። እንከኑን ደብቆ ሰው መጥራት የሚያተርፈው ድካም ነው፤ ሰውየው ደረጃውን ሲወጣ ያውቀዋል፣ እርስዎም አንድ ከሰዓት አጥተዋል።

ዋጋውንም እዚሁ ይጻፉ። የሚቀንስ ከሆነ «ከታየ በኋላ እንነጋገራለን» ማለት ይቻላል፤ «በስልክ እንነጋገር» ማለት ግን የዋጋ ክርክሩን ከጠያቂው ሁሉ ጋር ደጋግሞ ለማድረግ መፍቀድ ነው።

በአነጋገር በኩል ጠያቂው በፎቶው ወጣት ቢመስልም፣ በ«አንተ» ቢጽፍልዎም፣ በአክብሮት «እርስዎ» እያሉ ይጻፉ። የተጠቃሚ ስሙ ወንድ ይሁን ሴት በማይለይበት ቦታም ከስህተት ያድናል።

ጥያቄዎቹ

አምስት ጥያቄ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ምላሹ ቅጽ ይመስላል፣ ሰውም ግማሹን ብቻ መልሶ ይልካል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቤቱ ለማን እንደሚፈለግ ነው፦ «ቤቱን የሚፈልጉት ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» ከጠያቂዎቹ መካከል ቀላል የማይባሉት «ደንበኛ አለኝ» የሚሉ ደላሎች ናቸው፤ በደላላ መሥራት የማይፈልጉ ከሆነ ይህ ጥያቄ ብቻውን ይለያቸዋል። ሁለተኛው ለመኖሪያ ብቻ መሆኑን ያረጋግጣል። ኮንዶሚኒየሙን ለገስት ሃውስ፣ ለቢሮ ወይም ለዕቃ ማከማቻ የሚፈልግ ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ሦስተኛው መቼ ለመግባት እንዳሰበና ለሁለት ዓመት ውል ዝግጁ መሆኑ ነው።

ከበድ የሚሉት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የነዋሪዎቹን ብዛት ይመለከታል። የተለመደው አጠያየቅ «ባለትዳር ነዎት ወይስ ላጤ?» የሚለው ሲሆን፣ ይህ ግን ባለቤቱ በእርግጥ ማወቅ የሚፈልገውን አይነግረውም። ላጤ የተባለው ሰው ጸጥተኛ ሊሆን፣ ባለትዳሩ ደግሞ ከሰባት ዘመድ ጋር ሊገባ ይችላል። በዚያ ላይ ባሏ የሞተባትን ወይም ልጇን ብቻዋን የምታሳድግን ሴት ሳያስፈልግ ያስከፋል። «በቤቱ ውስጥ በቋሚነት የሚኖሩት ስንት አዋቂዎችና ስንት ልጆች ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ ለውሃው፣ ለመጸዳጃ ቤቱና ለጎረቤቱ የሚጠቅመውን ቁጥር ያገኛሉ። ልጅ ያለውን ሰው ለመመለስ ሳይሆን፣ ለሁለት መኝታ ቤት ስምንት ሰው መምጣቱን ለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። «ደመወዝዎ ስንት ነው?» የሚለው ለአብዛኛው ሰው ደፋር ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚያስተማምን አይደለም፣ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ኪራዩን የሚከፍለው ደመወዙ ብቻ ያልሆነ ሰው ብዙ ነው። ከዱባይ ባል ይልካል፣ ከአሜሪካ እህት ታግዛለች፣ ሁለት ወንድማማቾች ያዋጣሉ። ስለዚህ «ኪራዩን በየወሩ የሚከፍሉት ከደመወዝ፣ ከንግድ ወይስ ከሌላ ገቢ ነው?» ብለው ምንጩን ይጠይቁ። መጠኑን ማስረጃው ራሱ በኋላ ያሳያል።

ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የትውልድ ቦታን፣ የፖለቲካ አመለካከትን የሚመለከት ጥያቄ አይጠየቅም፤ «የየት አገር ሰው ነዎት?» በሚል ለዘብ ባለ መንገድም ቢሆን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ካረጋገጠው እኩልነት ጋር ከመጋጨቱም ሌላ፣ ሰውየው በወሩ መጀመሪያ ይከፍል እንደሆነ አንዳችም ነገር አይናገርም። ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት፣ ስለ እንግዳ መብዛት የሚያሳስብዎት ነገር ካለም የሰውየውን ልማድ አይመርምሩ፤ የቤቱን ደንብ ይንገሩት። «ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅ በሕንፃው አይፈቀድም» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ይጠጣሉ?» ከሚለው ይልቅ ብዙ ይሠራል፤ ማንንም አይሰድብም።

ሰነዶቹን በሦስት ጊዜ ይከፋፍሏቸው

በሰነድ በኩል ትልቁ ጥፋት ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጠየቅ ነው። ቤቱን ገና ያላየ ሰው የጋብቻ ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴና የተያዥ መታወቂያ ሊልክ አይገባም፤ እርስዎም ለማይከራዩ ሃያ ሰዎች ምስጢር ጠባቂ መሆን የለብዎትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማና ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብ የሚያስገድድ ነው፤ ያላስፈለገዎትን አለመሰብሰብ ከሁሉ የሚቀል ጥንቃቄ ነው።

ቤቱን ከማሳየት በፊት የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። አንዱ ስምና ፎቶ የሚታይበት የመታወቂያ ምስል ነው፤ የፋይዳ፣ የነዋሪነት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በጣት ወይም በወረቀት ሸፍኖ እንዲያነሳው በምላሹ ላይ በግልጽ ይጻፉለት። በዚህ ደረጃ የሚፈለገው በቀጠሮ የሚመጣው ሰው ከመልእክቱ ጸሐፊ ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ አይጠቅምዎትም። ሁለተኛው የገቢ ምንጩን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ነው፦ ለተቀጣሪ የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ፣ ለነጋዴ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ በውጭ አገር ዘመድ ለሚደገፍ ደግሞ ሥራ ያለው አንድ ተያዥ ስለማቅረቡ የሚገልጽ ቃል። የደመወዙ መጠን በዚህ ጊዜ ቢሸፈንም ቅር አይበሉ።

ቤቱን ሊያይ ሲመጣ የሁለቱን ዋናውን ይዞ ይምጣ፤ አይተው ወዲያው ይመልሱለት። የሰውን መታወቂያ «ለጊዜው» ብሎ ማስቀረት በፍጹም አይገባም።

የቀረው ሁሉ ተስማምታችሁ ውል ለመፈረም ስትቀራረቡ የሚመጣ ነው፦ የመታወቂያ ሙሉ ቅጂ፣ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የተያዥ መታወቂያና የሥራ ማስረጃ፣ የቀድሞ አከራይ ስልክ፣ የውጭ ዜጋ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ቢጫ ካርዱ። ውሉ በወረዳው ሲመዘገብ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ይህን ማቅረቡ በማንኛውም ሁኔታ አይቀርም። በምላሹ ውስጥ እነዚህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሷቸው፤ ተያዥ ማግኘት የማይችል ሰው በመጨረሻ ቀን ከሚደነግጥ ከመጀመሪያው ቢያውቅ ይሻላል።

ምላሹ በሙሉ

ከዚህ በላይ የተባለው ተሰብስቦ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። እንዳለ ቀድተው የራስዎን ቤት ዝርዝር መተካት ይችላሉ።

«ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት ስላለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ቤቱ እስካሁን አልተከራየም። የምጽፍልዎ የቤቱ ባለቤት ነኝ፤ በመካከል ደላላ የለም።

ቤቱ 4ኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍት የለውም። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፣ በረንዳው ላይ 500 ሊትር ሮቶ አለ። መብራቱ የካርድ ቆጣሪ ነው። ኪራዩ በወር 24,000 ብር ሲሆን ሲገቡ የሁለት ወር በቅድሚያ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ በባንክ ይገባል። ለጥበቃና ለጽዳት ማህበሩ የሚያስከፍለው 400 ብር በተከራይ ይሸፈናል። ውሉ ለሁለት ዓመት ነው፤ በወረዳው እናስመዘግበዋለን። በሕንፃው ደንብ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅ አይፈቀድም።

ይህ የሚስማማዎት ከሆነ፣ ቀጠሮ ከመያዛችን በፊት የሚከተለውን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ቤቱን ለመከራየት ለሚጠይቁ ሁሉ የማቀርበው ተመሳሳይ ጥያቄ ነው።

1. ቤቱን የሚፈልጉት ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?
2. ለመኖሪያ ብቻ ነው?
3. መቼ ለመግባት አስበዋል? የሁለት ዓመት ውል ይስማማዎታል?
4. በቋሚነት የሚኖሩት ስንት አዋቂዎችና ስንት ልጆች ናቸው?
5. ኪራዩን የሚከፍሉት ከደመወዝ፣ ከንግድ ወይስ ከሌላ ገቢ ነው?

ከመልስዎ ጋር ስምና ፎቶ የሚታይበት የመታወቂያዎን ምስል፣ እንዲሁም የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ ወይም የታደሰ ንግድ ፈቃድ ምስል ቢልኩልኝ። የመታወቂያ ቁጥርዎንና የደመወዝዎን መጠን ሸፍነው ማንሳት ይችላሉ። ምስል መላክ የማይመችዎ ከሆነም ይንገሩኝ፤ ዋናውን ይዘው መጥተው በር ላይ ቢያሳዩኝ ይበቃል። ተስማምተን ውል የምንፈርም ከሆነ ደግሞ ሥራ ያለው አንድ ተያዥና የቀድሞ አከራይዎ ስልክ ያስፈልጋሉ።

ቤቱን ለማየት ምንም ክፍያ የለም። ውል ሳንፈርም ቀብድ አልቀበልም፤ ወደ ስልክዎ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥርም በጭራሽ አልጠይቅዎትም። እኔም በቀጠሯችን ቀን የቤቱን ካርታና መታወቂያዬን አሳይዎታለሁ። ቤቱን ካልተከራዩ የላኩልኝን ምስል አጠፋዋለሁ።

ቤቱን የማሳየው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው። መልስዎ እስከ ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ከደረሰኝ የሚመጡበትን ሰዓት አሳውቅዎታለሁ። አመሰግናለሁ።»

የመጨረሻዎቹ አንቀጾች ረዘም ያሉ ቢመስሉም አይቁረጧቸው። ስለ ክፍያና ስለ ማረጋገጫ ቁጥር የተጻፈው ነገር ሰነድ ከሚጠይቅ አጭበርባሪ የሚለየዎት ነው፤ «ለሁሉ የማቀርበው ጥያቄ» የሚለው ደግሞ ተጠራጥሬ ተነጥዬ ነው የተጠየቅሁት ከማለት ሰውን ያሳርፋል። እርግጥ ዓረፍተ ነገሩ እውነት መሆን አለበት፤ ለአንዱ አጭሩን፣ ለሌላው ረጅሙን እየላኩ ይህን መጻፍ አይቻልም።

መልሶቹን ማንበብ

ለምሳሌ ያህል አራት መልስ ደረሰዎት እንበል።

የመጀመሪያዋ በአንድ የግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከታናሽ እህቷና ከአንድ ልጇ ጋር ልትኖር አስባለች፤ ባለቤቷ ዱባይ ሲሆን የኪራዩን ገሚስ እሱ ይልካል። የሥራ ደብዳቤዋን የደመወዙን መጠን ሸፍና ልካለች። ደመወዟ ብቻውን ኪራዩን እንደማይሸፍን ራሷ ነግራዎታለች፤ ይህ በእኔ ግምት መልካም ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። የባንክ ሒሳቧን መጠየቅ አያስፈልግም፤ «ውል ሲፈረም በኪራዩ ልክ የሚዋስልዎ ተያዥ ማቅረብ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅና ለቅዳሜ 8 ሰዓት መቅጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ለድርጅቱ ስድስት ሠራተኞች መኝታ ይፈልጋል። መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለቤቱ ግን አይመጥንም። ለማየት ከመምጣቱ በፊት ዛሬውኑ ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው ከጥያቄዎቹ አንዱንም አልመለሰም፤ «የስድስት ወር በጥሬው እከፍላለሁ፣ ዛሬ እንጨርስ» ብሏል። አፍ ያስከፍታል፤ ነገር ግን ሕጉ ያልፈቀደው ክፍያ ከመሆኑም በላይ፣ በገንዘቡ የተሸፈነው ምን እንደሆነ አልነገረዎትም። «ስለ ሐሳብዎ አመሰግናለሁ፤ ከሁለት ወር በላይ አልቀበልም፣ ጥያቄዎቹን ቢመልሱልኝ ግን ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ» ብለው ይመልሱለት። ከመለሰ እንደማንኛውም ሰው ይስተናገዳል፤ ዝም ካለም መልሱ ታውቋል።

አራተኛው ጥያቄዎቹን ሁሉ በዝርዝር መልሶ መታወቂያውን ግን በቴሌግራም መላክ እንደማይፈልግ፣ ይዞት እንደሚመጣ ጽፏል። ይህን ሰው አይጠርጥሩት። በምላሹ የተሰጠውን ምርጫ ነው የተጠቀመው፤ ሰነዱን የሚጠብቅ ሰው ቤትም ሳይጠብቅ አይቀርም።

ሰነዱን ማረጋገጥ

የሥራ ማስረጃ ደብዳቤ ሲመጣ የሚታየው ማህተሙ ብቻ አይደለም። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን መኖሩን፣ ቀኑ ከሦስት ወር ያልበለጠ መሆኑን፣ የፈራሚው ስምና የሥራ ኃላፊነት መጻፉን ይመልከቱ። ስልክ ሲደውሉ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ወዳለው ቁጥር አይደውሉ፤ ደብዳቤው ሐሰተኛ ከሆነ ቁጥሩም የሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መደበኛ ስልክ በሌላ መንገድ ፈልገው ለሰው ኃይል ክፍሉ «ይህ ደብዳቤ ከእናንተ የወጣ ነው?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ከመደወልዎ በፊት ግን ለአመልካቹ ያሳውቁ፤ ቤት እየቀየረ መሆኑን አለቃው እንዲያውቅበት የማይፈልግ ሰው አለ። ንግድ ፈቃድን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ etrade.gov.et ላይ ፈልጎ መታደሱን ማየት ይቻላል።

የቀድሞ አከራይን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሁኑ አከራይ እንዲወጣለት የሚፈልገውን ተከራይ ሊያሞግስ፣ እንዳይወጣበት የሚፈልገውን ሊያጥላላ ይችላል። «ጥሩ ሰው ነው?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ኪራዩን በስንተኛው ቀን ይከፍሉ ነበር? የመብራትና የውሃ ዕዳ ትተው ሄደዋል?» የሚለው የተሻለ ያወጣል።

ቀጠሮው፣ እምቢታውና የቀረው ምስል

ተመራጮቹን በግማሽ ሰዓት ልዩነት ይቅጠሯቸው፤ በ8 ሰዓት፣ በ8፡30፣ በ9 ሰዓት። ሁሉንም በአንድ ሰዓት መጥራት ቤቱን የጨረታ አዳራሽ ያደርገዋል፤ ተከራዩ ዋጋ እንዲጨምር የተጠራ ይመስለዋል፣ ማንም በእርጋታ ቧንቧ ከፍቶ አያይም። ዓርብ ማታ በአጭሩ ያስታውሷቸው፦ «ነገ በ8 ሰዓት እጠብቅዎታለሁ፤ የመታወቂያዎንና የሥራ ደብዳቤዎን ዋና ይዘው ይምጡ። ወደ አካባቢው ሲቃረቡ ይደውሉልኝ፣ በር ላይ እቀበልዎታለሁ።» የብሎክና የቤት ቁጥሩን ለሁሉም ጠያቂ አስቀድመው አይጻፉ። ሲያሳዩ ብቻዎን አይሁኑ።

ለማይጠሯቸውም መልስ ይላኩ፤ ዝም ማለት በየቀኑ «ምን ደረሰ?» የሚል መልእክት ይጠራል። እምቢታው አጭር፣ እውነተኛና ከቤቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። ለስድስቱ ሠራተኞች ለጠየቀው፦ «ስለ ግልጽ መልስዎ አመሰግናለሁ። ቤቱ ለስድስት አዋቂ የሚሆን ውሃና መጸዳጃ ስለሌለው ሊመችዎ አይችልም። የላኩልኝን ምስል አጥፍቻለሁ። መልካም ቤት እንዲያገኙ እመኛለሁ።» ምክንያት መፍጠር፣ ለምሳሌ ሳይከራይ «ተከራይቷል» ማለት፣ ማስታወቂያው በማግስቱ እዚያው ሲታይ ያሳፍራል።

ነርሷ ቤቱን ከወደደችውና ከተስማማችሁ፣ ውሉ እስኪፈረም ድረስ ከእሷ ቀጥሎ የመረጡትን አመልካች አያሰናብቱ፤ «ቤቱ በውል ሂደት ላይ ነው፣ እስከ ረቡዕ አሳውቅዎታለሁ» ይበሉት፣ ረቡዕም ያሳውቁት። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ማስታወቂያውን ያንሱ፣ የሌሎቹን ምስሎች ከቴሌግራም ውይይቱም ከስልክዎ የፎቶ ማህደርም ያጥፉ። ስልክዎ የተቀበለውን ምስል ራሱ የሚያስቀምጥ ከሆነ ከውይይቱ ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ማህደሩን ከፍተው ይመልከቱ። የ30 ቀኑ የምዝገባ ቆጠራ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ስለሚጀምርም ከተከራይዋ ጋር ወረዳ የምትሄዱበትን ቀን ወስኑ።